የግዥና የፋይናንስ ሁለት የፍሰት ንድፎች፦ አንድ ላይ ሲሆኑ የማን ስም ይጽና?

ሐረግ
ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ግዥ ክፍልና ፋይናንስ ክፍል የየራሳቸውን የፍሰት ንድፍ ሠርተዋል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ዕቃ ከተጠየቀበት ጀምሮ ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ ስላለው ሥራ። አሁን «አንድ ንድፍ አድርጊው፣ የደረጃዎቹም ስም አንድ ይሁን» ተብያለሁ።

የግዥው እንዲህ ይሄዳል፦ ፍላጎት መቀበል፣ ማጽደቅ፣ ዋጋ ማሰባሰብ፣ አቅራቢ መምረጥ፣ ትዕዛዝ መስጠት፣ ትዕዛዝ መከታተል፣ ዕቃ መረከብ፣ ለፋይናንስ ማስተላለፍ።

የፋይናንሱ ደግሞ፦ ኢንቮይስ መቀበል፣ የግዥ ሰነድ ማየት፣ የገቢ ሰነድ ማረጋገጥ፣ ማመሳከር፣ ማጽደቅ፣ ክፍያ ማዘጋጀት፣ መክፈል፣ ፋይል ማድረግ።

ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው መሀል ላይ እንደሚደራረቡ ይታየኛል፤ የቱ ከየቱ ጋር አንድ እንደሆነ ግን ሁለቱ ክፍሎች አይስማሙም። ግዥዎቹ «ዕቃ መረከብ ማለት የእናንተ የገቢ ሰነድ ማረጋገጥ ነው» ይላሉ፤ ፋይናንሶቹ «በፍጹም» ይላሉ። ስሙን ከማን ልውሰድ? ከየትስ ልጀምር?

ቶሎ ቶሎ
ብዙም አያስጨንቅም። አንድ ትልቅ ሳጥን ሥሪና ለየክፍሉ አግድም መስመር ስጪው፤ አንዱ የግዥ፣ አንዱ የፋይናንስ። ከዚያ ስማቸው አንድ የሆኑትን አዋህጂ፤ «ማጽደቅ» ሁለት ቦታ ስላለ አንዱ ይውጣ። ስማቸው የተለያየውን እንዳለ ተዪው። ስም ላይ ካልተስማሙ ሥራ አስኪያጁ ይወስን። እኔ ብሆን ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም።

ጥቁር ቀለም
ቶሎ ቶሎ፣ ለየክፍሉ መስመር መስጠትህ ጥሩ ነው። «አንዱ ማጽደቅ ይውጣ» ያልከው ግን እኔን የመሰለ ኦዲተር እንቅልፍ የሚያጣበት ነገር ነው። የግዥው ማጽደቅ ገንዘብ ገና ሳይታሰር «ይህ ዕቃ ያስፈልጋል፣ በጀትም አለው» የሚል ፊርማ ነው። የፋይናንሱ ማጽደቅ ደግሞ ዕቃው ከገባ በኋላ «ይህ ሂሳብ ልክ ነው፣ ይከፈል» የሚል ነው። ፈራሚው ይለያያል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ሰነድም ይለያያል። ሁለቱን አንድ ካደረጋችሁ ግዥውን የፈቀደው ሰው ክፍያውንም የፈቀደ ይመስላል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ንድፉን አይቶ አዲስ ሲስተም የሚገነባ ባለሙያ እንደተሳለው አድርጎ አንዱን ፊርማ ያጠፋዋል።

ቀስትና ሳጥን
ሐረግ፣ ስሙን ለጊዜው ርሺው። ስም መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። ከስም የጀመረ ሰው ጥቁር ቀለም ያነሳችው ወጥመድ ውስጥ ነው የሚገባው።

ለእያንዳንዱ ሳጥን ሦስት ነገር ጻፊ፤ ምን ይዞ ይገባል፣ ሲያልቅ ምን ተለውጦ ይወጣል፣ በማን እጅ ነው። ይህን የክፍል ኃላፊውን አትጠይቂው፤ ሥራውን በእጁ የሚሠራውን ሰው ጠይቂው። ከዚያ ማወዳደሪያሽ ስሙ መሆኑ ይቀርና የሚወጣው ነገር ይሆናል። የሚወጣው ነገርና የሚሠራው ሰው አንድ ከሆነ፣ ስሙ የፈለገውን ያህል ቢለያይ ደረጃው አንድ ነው። የሚወጣው ነገር ከተለያየ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም ሁለት ደረጃ ነው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ በአንዱ ንድፍ አንድ ሳጥን ሆኖ የተሳለው በእውነቱ ሁለት ሦስት የተለያየ ነገር ያወጣል። እሱ ይከፈላል። «ዕቃ መረከብ» እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ምንም ነገር የማያወጣ ሳጥን ካገኘሽ ደግሞ ደረጃ አይደለም። «ትዕዛዝ መከታተል» ሲያልቅ ምን ይወጣል? መቼስ ነው የሚያልቀው? ይህን መመለስ ካልቻሉ ከንድፉ አውጪውና ማስታወሻ አድርጊው።

ናታኒ
ቪዚዮ ላይ ሁለቱን ፋይል ከፍተሽ ኮፒ ፔስት ማድረግ ነው እኮ። ከዚያ መስመሮቹን ማስተካከል። ወይስ ጥያቄው ሌላ ነው?

ሐረግ
ናታኒ፣ አመሰግናለሁ፤ ፋይሉን ማገናኘቱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ የቱ ሳጥን ከየቱ ጋር አንድ እንደሆነ ማወቁ ነው።

ሰፊ ገጽ
የናታኒ ሐሳብ ግን አንድ ነገር አስታወሰኝ። እኔ ንድፎቹን በጽሑፍ፣ በመርሜይድ ነው የምጽፋቸው። ሁለት ቦታ ያለ ሳጥን አንድ ነው ብዬ ካመንኩ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መለያ እሰጣቸዋለሁ፤ ፋይሎቹን አንድ ላይ ስለጥፋቸው ሳጥኖቹ በራሳቸው ይዋሃዳሉ። የሐረግን ለሙከራ አደረግኩት፦

```
flowchart LR
  PO["ትዕዛዝ መስጠት"] --> GR["ዕቃ መረከብ"]
  INV["ኢንቮይስ መቀበል"] --> GR["የገቢ ሰነድ ማረጋገጥ"]
  GR --> MATCH["ማመሳከር"]
```

ውጤቱን ተመልከቱት። `GR` አንድ ሳጥን ይሆናል፤ ስሙ ግን መጨረሻ የተጻፈው ብቻ ነው የሚወጣው፤ «ዕቃ መረከብ» ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ይጠፋል። ከዚያም በላይ «ኢንቮይስ ሲመጣ ዕቃ እንረከባለን» የሚል ቀስት ተፈጠረ። ማንም እንዲህ አይሠራም። ስለዚህ ግዥዎቹ «አንድ ነው» ያሉት ነገር ልክ አለመሆኑን ንድፉ ራሱ እየተናገረ ነው። ለእኔ የዚህ ዘዴ ጥቅም ይህ ነው፤ ያላግባብ ያዋሃድነው ነገር የማይመስል ቀስት ሆኖ ዓይን ላይ ይወድቃል።

የመጋዘኑ ሰው
እኔ የምሠራው ከሁለቱም አይደለም፣ መጋዘን ነው። በሁለቱም ንድፍ ውስጥ የእኛ ስም የለም አይደል? ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።

«ዕቃ መረከብ» ያላችሁት በሐረግ ቤትም እንደ እኛው ከሆነ ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ መኪናው ይመጣል፣ ካርቶን ቆጥሬ አቅራቢው ባመጣው የማድረሻ ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። ያ ፊርማ «ይህን ያህል ካርቶን ደርሷል» ከማለት ሌላ ምንም አይልም። ቀጥሎ ዕቃውን የጠየቀው ክፍል ባለሙያ መጥቶ ያያል፤ ዓይነቱ ልክ ነው? ይሠራል? ይህ በዚያው ቀን ላይሆን ይችላል። ባለሙያው ተቀብያለሁ ሲል ብቻ ነው የገቢ ሰነድ የምቆርጠው። ፋይናንሶች አንዳንዴ የማድረሻ ወረቀቱን ፊርማ ያዩና «ይኸው ተረክባችኋል» ይላሉ። አልተረከብንም፤ ደርሶናል እንጂ።

ቀስትና ሳጥን
የመጋዘኑ ሰው፣ ተባረክ። ሐረግ፣ መልስሽ እዚህ ውስጥ አለ። ግዥዎቹ «ዕቃ መረከብ» ያሉት ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ነው፤ ዝርዝሩ የእነሱ እጅ ላይ ስላልሆነ አይታያቸውም። ፋይናንሶቹ «የገቢ ሰነድ ማረጋገጥ» ያሉት ደግሞ ሦስተኛው ያወጣውን ሰነድ ወስደው ማየታቸውን ነው። ስለዚህ አንድ ሳጥን አይደሉም፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው መግቢያ ነው። የሚነካኩት በሰነዱ ነው።

ሦስተኛ መስመር ጨምሪ፤ የመጋዘን። ሁለት ንድፍ ሲዋሃድ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም የጎደለ ሰው የሚገኘው ልክ ሁለቱ ይደራረባሉ በተባለበት ቦታ ነው።

ሰው ኃይል ክፍል
እኛ ቤት ከኮምፒውተር ክፍል ጋር ይህን የመሰለ ነገር ገጥሞናል፤ የኛው የአዲስ ሠራተኛ ቅጥር ነው። በሁለቱም ንድፍ «ሠራተኛ ገባ» የሚል ሳጥን ነበር። ለእኛ ውል የፈረመበት ቀን ነው፤ ለእነሱ ወንበሩ ላይ የተቀመጠበት። ተዋህዶ ጸደቀ። ከዚያ ሰዎች ውል ፈርመው ገና ሥራ ሳይጀምሩ የኮምፒውተር መግቢያ ይከፈትላቸው ጀመር፤ አንዳንዱም ሐሳቡን ቀይሮ ጨርሶ ያልመጣ ነበር። የተከፈተው መግቢያ ግን እንደተከፈተ ቆየ። እኛ በመጨረሻ «ውል ተፈረመ» እና «ሥራ ጀመረ» ብለን ለየናቸው። ከግዥ ጋር ባይገናኝም ብዬ ነው።

ሐረግ
በጣም ይገናኛል እንጂ! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀስትና ሳጥንን ሦስት ጥያቄዎች ይዤ ሠራተኞቹን አነጋገርኩ። የደረስኩበት ይኸው።

«ለፋይናንስ ማስተላለፍ» እና «የግዥ ሰነድ ማየት» አንድ ርክክብ ናቸው፤ ሁለቱ ክፍሎች ከየራሳቸው ወገን ሆነው ስለሳሉት ነው ሁለት የሆነው። ወደ አንድ አመጣኋቸው። ማጽደቅ ለሁለት ተለየ፤ «የግዥ ጥያቄ ማጽደቅ» እና «ክፍያ ማጽደቅ»። ዕቃ መረከብ ለሦስት ተከፈለ፤ «የደረሰ ዕቃ መቁጠር»፣ «ዕቃ መመርመር»፣ «የገቢ ሰነድ መቁረጥ»። «ትዕዛዝ መከታተል» ወጣ፤ ግዥዎቹ ትንሽ ተቀየሙ።

አሁን «የገቢ ሰነድ መቁረጥ» እና «ኢንቮይስ መቀበል» ሁለቱም ቀስታቸውን «ማመሳከር» ላይ ጣሉ። ጨረስኩ ልበል?

ቀስትና ሳጥን
ገና ነሽ። ሁለቱ ቀስቶች በቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ነው የገቡት ወይስ በፊቱ ፕላስ ያለበት ዳይመንድ አለ? በቀጥታ ከሆነ የሥራ ፍሰት መሳያ በሆነው በቢፒኤምኤን ደንብ ትርጉሙ «ሁለቱም እስኪመጡ ጠብቅ» አይደለም። እያንዳንዱ ቀስት በደረሰ ቁጥር ሳጥኑ ይሠራል ማለት ነው። ኢንቮይሱ ሰኞ መጣ፣ ዕቃው ሐሙስ ገባ እንበል። እንደ ንድፍሽ ከሆነ ሰኞ አንድ ማመሳከር፣ ሐሙስ ሌላ ማመሳከር ይካሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍያም ሁለት ጊዜ ይሄዳል። ሰው አንብቦት በልቡ ያስተካክለዋል፤ ሲስተም ግን አያስተካክለውም።

ፕላሱን ስታስገቢ ደግሞ ወደ ኋላ ተመለሺና ቅርንጫፎቹ ከየት እንደተነሱ እዪ። «ይህ ወይም ያ» ከሚል ዳይመንድ ተነስተው ፕላስ ላይ ከተገናኙ፣ አንዱ ብቻ መጥቶ ሌላውን ሲጠብቅ እዚያው ይቀራል፤ ሥራው አይንቀሳቀስም።

ቶሎ ቶሎ
እሺ፣ ማጽደቁ ላይ ተሳስቻለሁ። ስሙ ላይ ግን አሁንም አልረታችሁኝም፤ አንድ ሰው ካልወሰነ ማለቂያ የለውም።

ጥቁር ቀለም
እሱስ ልክ ነህ፣ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። እኔ የምለው ግን ስሙን ከአየር ላይ አታምጡት ነው። ቅጹ ላይ የታተመው፣ ሲስተሙ ላይ የሚነበበው ስም ካለ እሱን ውሰዱ። ሰነዱ «የገቢ ሰነድ» ከተባለ ሳጥኑም «የገቢ ሰነድ መቁረጥ» ይሁን። አዲስ ያማረ ስም ብታወጡ ሠራተኛው ሁለት ስም ከመልመድ ሦስት ስም ወደ መልመድ ነው የሚሄደው። የቀሩትንም ስሞች አትጣሏቸው፤ ከንድፉ ጋር በሚያያዝ ሠንጠረዥ ላይ «ግዥ ቀድሞ ይለው የነበረው»፣ «ፋይናንስ ቀድሞ ይለው የነበረው» የሚሉ ዓምዶች ይኑሩ። የድሮ መመሪያና የድሮ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ሁልጊዜ አለ። ለየደረጃውም የማይቀየር ቁጥር ስጡት፤ ስሙ ነገ ቢለወጥ ቁጥሩ ይጸናል።

ቀስትና ሳጥን
ልክ ነው። ሐረግ፣ አሁን ከባዱ ፈተና። የተከፈለባቸውን ጥቂት እውነተኛ ፋይሎች ከመዝገብ ቤት አውጪና በንድፍሽ ላይ በጣትሽ አስኪጂያቸው። ቀላሉን አትምረጪ። አንድ ዕቃው በከፊል የገባ፣ አንድ ዕቃው የተመለሰ፣ አንድ ኢንቮይሱ ቀድሞ የመጣ።

ሐረግ
አደረግኩት፤ በከፊል የገባው ላይ ተሰበረ። ትዕዛዙ 100 ወንበር ነው። መጀመሪያ 60 ገባ፣ አቅራቢው የ60 ኢንቮይስ ላከ። በኋላ 40 ገባ፣ የ40 ኢንቮይስ ተላከ። በንድፌ ላይ ሳስኬደው 60ው ተመሳከረ፣ ክፍያው ጸደቀ፣ ተከፈለ፣ ፋይል ተደረገ፣ አለቀ። 40ው ሲመጣ የሚገባበት በር የለም። ንድፉ እንደሚለው ሥራው ካለቀ ቆይቷል።

ሌላም አለ። ማመሳከር ላይ «ኢንቮይሱ ከትዕዛዙ ጋር እኩል ነው?» ብዬ ነበር። 60 ከ100 ጋር እኩል ስላልሆነ፣ የጻፍኩትን ቃል በቃል ብከተል ኖሮ እዚያው ተመላሽ ይሆን ነበር። ፋይናንሶቹ ሲሠሩ ግን የኢንቮይሱን ብዛት ከገባው ብዛት ጋር፣ ዋጋውን ከትዕዛዙ ጋር ነው የሚያዩት። ይህን ያወቅኩት ፋይሉን ሳወጣ ነው፤ በሁለቱም ንድፍ ላይ አልተጻፈም።

ቶሎ ቶሎ
ወደ ኋላ የሚመለስ ቀስት አድርጊ። «ቀሪ ዕቃ አለ?» የሚል ዳይመንድ ከመክፈል ቀጥሎ፤ አለ ከተባለ ወደ «የደረሰ ዕቃ መቁጠር» ይመለሳል። አለቀ።

ቀስትና ሳጥን
ይህ ለወንበሮቹ ይሠራል፤ ግን 40ው የመጀመሪያው ክፍያ ሳያልቅ ቢመጣስ? ዙሩ ክፍያውን ይጠብቃል፣ ዕቃው ግን በር ላይ ቆሟል። አቅራቢው የወሩን ሦስት ትዕዛዝ በአንድ ኢንቮይስ ቢልክስ? ያኔ ዙሩም አያድንም።

ሥሩ እዚህ ነው። የግዥው ንድፍ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚቆጥረው አንድ ትዕዛዝ ነው። የፋይናንሱ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚቆጥረው አንድ ኢንቮይስ ነው። የመጋዘኑ አንድ ማድረሻ ነው። አንድ ትዕዛዝ ብዙ ማድረሻ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ኢንቮይስ ብዙ ትዕዛዝ ሊነካ ይችላል። የሚቆጥሩት የተለያየ ፍሰቶችን በአንድ ክር ልታስሪያቸው ብትሞክሪ የሆነ ቦታ ላይ መበጠሱ አይቀርም። እኔ ብሆን አንድ ገጽ ላይ አስቀምጬ ክሩን እለያየው ነበር። ሦስት ፍሰት፣ እያንዳንዱ የራሱ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ በመሀላቸው በሚያልፈው ሰነድ ብቻ የሚገናኙ። የደረጃዎቹ ስምና ቁጥር ግን በሦስቱም አንድ ይሁን። አለቃሽ የጠየቁት ስም አንድ እንዲሆንና በአንድ ቦታ እንዲታይ ነው፤ ይህ ይበቃል።

ቶሎ ቶሎ
ቢፒኤምኤን ላይ ግን አንድ ፍሰት በሙሉ የሚቀመጥበት ሳጥን፣ ማለትም አንድ ፑል፣ አንድ ድርጅት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ፑል መሳል አይፈቀድም።

ቀስትና ሳጥን
ይፈቀዳል። ፑል የሚወክለው ተሳታፊን ነው፤ ተሳታፊው ድርጅትም ሊሆን ይችላል፣ የሥራ ድርሻም። የማይፈቀደው ተራው የፍሰት ቀስት ከአንዱ ፑል ወደ ሌላው እንዲሻገር ማድረግ ነው። በመሀላቸው የሚሄደው የተቆራረጠው የመልእክት ቀስት ብቻ ነው።

ጥቁር ቀለም
እኔ እዚህ ላይ ከቀስትና ሳጥን ጋር አልስማማም። ስዕሉ እሱ እንዳለው ትክክል ይሆናል፤ ግን ኃላፊዎች ሦስት ፑል ሲያዩ «አሁንም ሦስት ንድፍ ነው» ብለው ይመልሱታል። ከዚህም በላይ ከጥያቄው እስከ ክፍያው ያለውን ኃላፊነት በአንድ መስመር ማየት ለእኔ ሥራ ግድ ነው። በየፑሉ ሲቆራረጥ «ትዕዛዙ በሙሉ የሚዘጋው መቼ ነው፣ የሚዘጋውስ ማን ነው» የሚለው ጥያቄ ባለቤት ያጣል። እኔ አንድ ፑል ይዤ፣ ከማድረስ እስከ ክፍያ ያለውን ክፍል ራሱን የቻለ ንዑስ ሂደት አድርጌ «ለእያንዳንዱ ማድረሻ ይደገማል» የሚል ምልክት አደርግበት ነበር። ቀጥ ብለው የቆሙት ሦስቱ አጫጭር ትይዩ መስመሮች ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ 40ው የ60ውን ክፍያ አይጠብቅም።

ቀስትና ሳጥን
የመዝጊያው ነገር እውነት ነው፤ በእኔም አሳሳል በግዥው ፍሰት መጨረሻ ላይ «ትዕዛዝ መዝጋት» የሚል ደረጃ መግባት አለበት፤ በሁለቱም የድሮ ንድፎች ውስጥ የለም። ንዑስ ሂደቱም ጥሩ መላ ነው፤ ማድረሻና ኢንቮይስ አንድ ለአንድ እስከሆኑ ድረስ። ሦስት ትዕዛዝ በአንድ ኢንቮይስ ሲመጣ ግን ለየትኛው ትዕዛዝ ንዑስ ሂደት ትሰጪዋለሽ? ሐረግ፣ እንዲህ ያለ ኢንቮይስ በፋይሎቹ ውስጥ በብዛት አለ?

ሐረግ
አለ፤ በተለይ የጽሕፈት መሣሪያ የሚያቀርቡልን በወር አንድ ጊዜ ጠቅልለው ነው የሚልኩት። ለትልልቅ ግዥዎች ግን አላየሁም። ለጊዜው ሁለቱንም ስዬ ለሁለቱ ክፍሎች ላሳያቸው አስቤያለሁ፤ የስም ሠንጠረዡ ለሁለቱም ያው ስለሆነ እሱን ዛሬውኑ አስፈርማለሁ። «ትዕዛዝ መዝጋት»ን ማን ይሠራዋል ስል ግዥ ወደ ፋይናንስ፣ ፋይናንስ ወደ ግዥ ጠቆሙ፤ ለጊዜው ባለቤቱን ባዶ ትቼዋለሁ።

የመጋዘኑ ሰው
ቅድመ ክፍያ የወሰደ አቅራቢስ? ገንዘቡ ከዕቃው በፊት ነው የሚወጣው። ያ ፕላስ ያለበት ዳይመንድ ዕቃውን ከጠበቀ ቅድመ ክፍያው መቼ ይወጣል?

ጥቁር ቀለም
ቅድመ ክፍያ ማመሳከር ውስጥ አይገባም፤ መነሻው ውሉ ነው፣ የራሱ «ክፍያ ማጽደቅ» አለው። በኋላ ዋናው ኢንቮይስ ሲመጣ የሚቀነሰው ማመሳከር ላይ ነው። ሐረግ፣ ቅድመ ክፍያ ያለበት ፋይል አውጥተሽ እሱንም በጣትሽ አስኪጂው፤ ስሙን ከማስፈረምሽ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ «ክፍያ ማጽደቅ» እንደገና ለሁለት መከፈሉ ላይቀር ይችላል።

ሐረግ
እሺ፣ ፊርማው ይቆይ። ፋይሉን ላስፈልግ።